ሎጎ በኤአይ፦ ፊደሉን ማን ይጻፈው? ሦስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

«ትኩስ ቡና» የሚባል ካፌ ሊከፈት ነው እንበል። ባለቤቱ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ምስል የሚሠራ ኤአይ ላይ ገብቶ ሎጎ ያዛል። ጀበናዋ ቆንጆ ሆና ትመጣለች፤ እንፋሎቱም፣ ቀለሙም ልክ ነው። ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን ከሩቅ አማርኛ ይመስላል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን የማንም ፊደል አይደለም። ሰውየው አሥር ጊዜ ደጋግሞ ያዛል፤ አሥር ዓይነት የተበላሸ ጽሑፍ ይመጣለታል። ከዚያ «የትኛውን ልግዛ? የትኛው ነው አማርኛ የሚችለው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

እኔ ብሆን ጥያቄውን ትንሽ አዞረዋለሁ። መጀመሪያ የሚወሰነው የቱን መተግበሪያ እንደምትገዙ ሳይሆን ፊደሉን ማን እንደሚጽፈው ነው። ኤአዩ ይጻፈው ወይስ እናንተ? ይህ ከተወሰነ የቀረው ቀላል ነው።

ለምን ፊደል ያበላሻሉ?

ምስል ፈጣሪው የጻፋችሁለትን ስም እንደ እኛ ፊደል በፊደል አያነበውም። ጽሑፉ ቁርጥራጭ ተደርጎ ወደ ቁጥር ይቀየርለታል። እንደ «ኮፊ» ያለ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቃሉ በየትኞቹ ፊደላት እንደሚጻፍ በቀጥታ አያይም፤ በስልጠናው ላይ ካያቸው የካፌ ፎቶዎች ቃሉ ምን እንደሚመስል ያስታውሳል እንጂ። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ዕድሉ የባሰ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ለሠለጠነ ቆራጭ «ትኩስ ቡና» ትርጉም የሌለው ፍርፋሪ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በአማርኛ የተጻፈ ታፔላ ፎቶም በስልጠናው ውስጥ ከእንግሊዝኛው አንጻር ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መጠን ነው። ስቴብል ዲፊውዥን 1.5 የሚባለውን ምስል ፈጣሪ ውሰዱ። የሚያወጣው ምስል 512 በ512 ፒክስል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን 64 በ64 በሆነ የተጨመቀ ሰሌዳ ላይ ነው። ይህ ማለት የሰሌዳው አንድ ክፍል ስምንት በስምንት ፒክስል ይሸፍናል። አሁን ቁመቱ 40 ፒክስል የሆነ «ቡ» አስቡ። በሰሌዳው ላይ አምስት ክፍል ብቻ ነው የሚደርሰው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ደግሞ በቀኝ እግሩ ላይ ያለችው አጭር ሰረዝ ናት፤ መሃል ላይ ከሆነች «ቡ»፣ ግርጌ ላይ ከወረደች «ቢ»። ያቺ ሰረዝ በአንድ ክፍል ውስጥ ትዋጣለች። በላቲን ፊደል ትንሽ ጭረት ቢዛባ ብዙ ጊዜ ቃሉ ይነበባል። በእኛ ፊደል ግን ድምፁ ያለው እዚያች ጭረት ላይ ነው።

አዲሶቹ በጣም ተሻሽለዋል፣ ይህን መካድ አይቻልም። በ2023 የመጣው አይዲዮግራም ጽሑፍ በመጻፍ ነው ስሙን ያተረፈው። ከ2025 ወዲህ ያለው የቻትጂፒቲ ምስል ፈጣሪም አጭር የእንግሊዝኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይጽፋል። አማርኛ ላይ ግን አንዱ ይሳካል፣ ሌላው ይስታል። የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። የድሮው ስህተት ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የአዲሱ ስህተት ግን ያምራል። ጥርት ብሎ የተጻፈ «ትኪስ ቡና» ታፔላ ላይ እስኪወጣ ድረስ ማንም ላያየው ይችላል።

አንደኛው አማራጭ፦ ኤአዩ ራሱ ይጻፈው

አይዲዮግራምና ቻትጂፒቲ እዚህ ይመደባሉ። ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ታዛላችሁ፣ ምስሉ ከነጽሑፉ ይመጣል። ለአንድ ቀን የፌስቡክ ማስታወቂያ ወይም ለበዓል መልካም ምኞት ይበቃል። ስሙ በላቲን ፊደል የሆነና አጭር ከሆነም አያሳፍርም።

ለሎጎ ግን አልመክረውም፤ ፊደሉ ትክክል ሆኖ ቢመጣም እንኳ። ምክንያቱም የመጣው ጽሑፍ አይደለም፣ የጽሑፍ ሥዕል ነው። 1024 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ማተሚያ ቤት በሚፈልገው 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ሲሰላ 8.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚደርሰው። ለቢዝነስ ካርድ ይሆናል። ሦስት ሜትር ታፔላ ላይ ሲወጣ ግን አንዷ ፒክስል ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ የፊደሉ ጠርዝ ይሸራረፋል። ምስል የሚያሳድጉ መሣሪያዎች ጠርዙን ያጠሩታል፣ የተሳሳተውን ፊደል ግን አያርሙትም፤ ስህተቱን አጥርተው ነው የሚመልሱላችሁ። ነገ «ትኩስ ቡና ቁጥር 2» ስትከፍቱ ደግሞ ያንኑ ፊደል መልሳችሁ አታገኙትም። እንደገና ስታዙ የሚመጣው ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም።

ሁለተኛው፦ ሥዕሉን ከኤአይ፣ ጽሑፉን በፎንት

ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው ይሄ ነው። ሥዕል ፈጣሪው የትኛውም ቢሆን ግድ የለም፤ ጽሑፍ እንዲጽፍ ስለማይጠየቅ። ሚድጆርኒ በሥዕል ጥራት ይመሰገናል፣ ግን ዝቅተኛው ክፍያ በወር 10 ዶላር ነው፤ አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። ለአንድ ጀበና ያን ያህል መድከም አያስፈልግም፣ ነፃው ይበቃል። ለጽሑፉ ኢንክስኬፕ የሚባል የሥዕል ፕሮግራም አለ፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል። ካንቫ በስልክም ይሠራል፤ ሆኖም የራሳችሁን ፎንት መጫንና በኤስቪጂ ማውረድ ሲፈልጉ ክፍያ ይጠይቃል። ኤስቪጂ ቬክተር ፋይል ነው፤ ሥዕሉን በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ያስቀምጠዋል። ሎጎ ያለ ኤስቪጂ ወይም ያለ ቬክተር ፒዲኤፍ ስለማይሟላ እኔ ኢንክስኬፕን አስቀድማለሁ።

አሁን ጀበናችንን እንሥራ። ብዙ ሰው ሥዕሉን ይጨርስና ከዚያ ለስሙ ቦታ ይፈልጋል። ተገልብጦ መሠራት አለበት። መጀመሪያ ኢንክስኬፕ ላይ «ትኩስ ቡና» ብላችሁ በምትፈልጉት ፎንት ጻፉ። Noto Sans Ethiopic ጥሩ መነሻ ነው፦ ነፃ ነው፣ ለንግድ ይፈቀዳል፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት አለው። የእጅ ጽሑፍ ጠረን ያለው ከፈለጋችሁ Abyssinica SIL አለ። ከዚያ የጽሑፉን ስፋትና ቁመት ተመልከቱ። ስሙ በአንድ መስመር ረዘም ያለ ስለሆነ ክብ ውስጥ ከገባ ፊደሉ ይኮሰምናል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ሥዕሉን ከላይ፣ ስሙን ከሥር ማድረግ፤ ወይም «ትኩስ»ን ከ«ቡና» በላይ አድርጎ ሥዕሉን በግራ ማቆም። ይህ ሲወሰን ነው ኤአዩ የሚታዘዘው።

ስታዙት «ሎጎ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። በስልጠናው ያያቸው ሎጎዎች አብዛኞቹ ጽሑፍ ስላላቸው፣ ሳይጠየቅም ከሥር የተበላሸ ጽሑፍ ይጨምራል። «ጽሑፍ አታድርግ» ብሎ በዓረፍተ ነገር መጻፍም አንዳንዴ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ቃሉ ራሱ ጽሑፍን ያስታውሰዋል። ሚድጆርኒ ላይ መከልከያው በመጨረሻ ለብቻው ይገባል፤ ሌላ ላይ ከሆናችሁ ከ`--no` ጀምሮ ያለውን ተዉት፦

```
flat icon of an Ethiopian jebena with steam, two colors, thick shapes, plain white background, empty space below --no text, letters
```

ጥላ፣ የቀለም ሽግግርና ቀጫጭን መስመር የሌለበትን ምረጡ። እንዲህ ያለውን ኢንክስኬፕ ውስጥ አስገብታችሁ `Path > Trace Bitmap` ስትሉ ጥርት ያለ ቬክተር ይወጣል። ሦስት ሜትርም ይሁን ሦስት ሴንቲ ሜትር ጠርዙ አይሸራረፍም። አንዳንድ ጭረት ፊደል መስሎ ከቀረ በዚሁ ጊዜ አጥፉት።

ስሙን ከሥዕሉ ጋር ስታዋህዱ ውፍረቱን ከጀበናው መስመር ጋር አስተያዩ። ወፍራም ጀበና ሥር ቀጭን ፊደል ተንጠልጥሎ ይቀራል። በጣም ወፍራሙንም ግን እፈራዋለሁ፤ ስኒ ላይ ሲያንስ የ«ኩ»ና የ«ቡ» ክፍተት ይደፈናል። `Bold` አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይመጣል። ከሥር እንግሊዝኛ የምትጨምሩ ከሆነ የሁለቱን የፎንት ቁጥር እኩል አድርጋችሁ አትተዉት፤ በዓይን እስኪመጣጠን አንዱን ከፍ ዝቅ አድርጉ።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ሁለት ፋይል አስቀምጡ። በአንደኛው ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቆያል፤ ነገ ስትቀይሩት የምትከፍቱት እሱን ነው። በሁለተኛው ጽሑፉን መርጣችሁ `Path > Object to Path` በሉ። ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይቀየራል፣ ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ባይኖረውም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ አይወጣም። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ስም ካላችሁ ደግሞ እሱን ኮፒ አታድርጉ፤ ሌላ ፎንት ላይ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። ስሙን በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና ጻፉት።

ሦስተኛው፦ ቬክተር የሚያወጣ ኤአይ

ሪክራፍት የሚታወቀው በዚህ ነው። ከጅምሩ ኤስቪጂ ይሰጣችኋል፣ ከላይ ያልኩት የመቀየር ሥራ ይቀርላችኋል። ብዙ ሎጎ የሚሠራ ዲዛይነር ከሆናችሁ ክፍያው ያዋጣል። ለአንድ ካፌ ግን ልዩነቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በስሙ አትሸወዱ፦ ቬክተር ሆኖ የመጣ ፊደልም ቅርጽ ነው እንጂ የሚታረም ጽሑፍ አይደለም። የተሳሳተውን «ኩ» ከርሰር አስገብታችሁ አታስተካክሉትም፤ ሰርዛችሁ በፎንት መጻፍ ነው። ስለዚህ እዚህም ያለ ጽሑፍ እዘዙ። የነፃ እቅዱ የወጣውን ምስል ለንግድ መጠቀም ይፈቅድ እንደሆነ ደግሞ ውሉን አንብቡ፤ ይህ ለሦስቱም መንገድ ይሠራል።

ገንዘብ ካላችሁና ፊደሉ ራሱ ሎጎ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ የ«ቡ» እግር ወደ ጀበና አንገት እንዲዞር፣ ሦስቱም አይሆኑም። ያን የሚሠራው ፊደል የሚስል ሰው ነው። ሁለተኛውን መንገድ ከመረጣችሁ ግን ከማሳተማችሁ በፊት ሎጎውን በሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ በጥቁርና ነጭ፣ በተራ ፕሪንተር አውጡት። የካፌውን ስም ለማያውቅ ሰው ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከተንተባተበ የፊደሉን ቁመት ጨምሩ፣ ጀበናውን አሳንሱ።