ዳቦው ደህና ነው፣ ማስታወቂያው ግን ይታረም

በዚህ ክረምት ሰሜን ሸዋ ለእረፍት የገባ ሰው ስለ አዲሱ ዳቦ ቤት የሰማው በቴሌግራም ከሚዞረው ማስታወቂያ ነው። «በዘመናዊ ማሽን የተደራጀው ዳቦ ቤታችን እሁድ ከ12፡00 ጀምሮ ሥራ ይጀምራል። ፉርኖ ዳቦ 10 ብር። ቀኑን ሙሉ ትኩስ! ድፎ ዳቦ በትእዛዝ እንጋግራለን።» ይኸው ነው፣ ከሥሩ የድፎ ፎቶ አለ።

ሰዓቱ ቀላል ስህተት ነው። ለከተማው ሰው 12፡00 ሲባል ጎህ ሲቀድ ማለት መሆኑ አያጠያይቅም። ከውጭ የመጣው ግን ስልኩ ላይ ሲያነበው እኩለ ቀን ይመስለውና የጠዋቱ ዳቦ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። «ከንጋቱ» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ትልቁ ጉድለት ግራሙ አለመጻፉ ነው። ዱቄት ሲወደድ ብዙ ቤት ዋጋውን ሳይነካ ዳቦውን ያሳንሳል፣ ስለዚህ 10 ብር የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ ዱቄት ወደ 29 ሊትር ውሃ፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ ጨውና 400 ግራም ገደማ ደረቅ እርሾ ይገባበትና 80 ኪሎ ያህል ሊጥ ይወጣዋል። 115 ግራም ሊጥ ምድጃ ውስጥ ውሃው ተንኖ ወደ 100 ግራም ዳቦ ይሆናል፣ ከጆንያውም 700 ገደማ ዳቦ ይገኛል። ያው ሊጥ በ92 ግራም ከተቆረጠ ግን ዳቦው 80 ግራም ይሆንና ቁጥሩ ወደ 870 ይወጣል። ከአንድ ጆንያ 170 ዳቦ፣ ማለትም 1,700 ብር፣ ከገዢው ኪስ ሄደ ማለት ነው። በዓይን ደግሞ አይለይም፤ ትንሹ ሊጥ ቆየት ብሎ ኩፍ ካለ ትልቁን ያህላል።

ማረጋገጥ የፈለገ አሥር ዳቦ ገዝቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ላይ ይመዝን። በእጅ የተቆረጠ ዳቦ እርስ በርሱ ስለሚለያይ አንዱን ብቻ መመዘን ያሳስታል፣ ትኩሱም ገና እንፋሎቱን ስላልጨረሰ ይከብዳል። እዚህ ቤት አሥሩ 960 ግራም መዘኑ። ይህ የሚያስመሰግን ነው፣ እንዲህ ያለ ቤት ግራሙን በትልቁ መጻፍ ሲገባው «ዘመናዊ ማሽን» እያለ ቦታውን አባከነው።

«ቀኑን ሙሉ ትኩስ» የሚለውን ደግሞ ባለ አንድ ምድጃ ቤት በቀላሉ አይፈጽመውም። ማቡካቱ፣ ማሳረፉ፣ ቆርጦ ማድቦልቦሉ፣ ኩፍ እስኪል መጠበቁና መጋገሩ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። እዚህ ትኩስ ዳቦ የሚወጣው ሦስት ጊዜ ነው፦ ከንጋቱ 12፣ ከጠዋቱ 4 ተኩል እና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። በመሃል የሚሸጠው የቀዘቀዘው ነው፣ ነውር የለውም፤ ሰዓቶቹ ቢጻፉ ግን ሰው በከንቱ አይመላለስም።

መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተር አላቸው፣ ነገር ግን ትንሽ ነው። ምድጃው ከማቡኪያው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚፈልግ ጄኔሬተሩ አምፖሉንና ማቡኪያውን ብቻ ይችላል። የደጋው ብርድ ሊጡን ስለሚያዘገይ ጋጋሪዎቹ በለብታ ውሃ ያቦካሉ፣ ችግር የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ሊጡ ትሪ ላይ ተደርድሮ ሳለ መብራት ከሄደ ያ ሙቀት ሥራውን አያቆምም። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ሊጡ ኩፍ ብሎ አልፎታል፣ ምድጃ ሲገባም ይሟሽሻል። እንዲህ ያለው ዳቦ ጠፍጠፍ ብሎ ጀርባው ይጨማደዳል፣ ሲቆረስም የእርሾ ሽታ አለው። የመብራቱ መጥፋት ጥፋታቸው አይደለም። ያን ዳቦ በሙሉ ዋጋ መሸጣቸው ግን ጥፋት ነው።

ድፎ ለማዘዝ ለምትፈልጉ፦ በፎቶው ላይ ያለው በኮባ ቅጠል የተጋገረ ነው፣ የሚያስረክቧችሁ ግን በዘይት በተቀባ ብረት ትሪ የተጋገረውን ነው። ኮባው ሥሩን ከማረር ይጠብቀዋል፣ ሽታውንም ያሳምረዋል፤ በትሪው ሥሩ ይደርቃል። ቅጠሉን ራሳችሁ ካመጣችሁ ሳያጉረመርሙ ይጋግሩላችኋል። ከአንድ ቀን በፊት እዘዙ፣ መጠኑን «ትልቅ» «መካከለኛ» ብላችሁ ሳይሆን በዱቄት ኪሎ ተናገሩ። ዝክሩ በጾም ቀን ከዋለ ደግሞ ላዩን በምን እንደሚያብረቀርቁት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተነገራቸው እንቁላል ነው የሚቀቡት። የውጭ ካርድ አይቀበሉም፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ነው የሚከፈለው፤ ግማሹን ቀብድ ይጠይቃሉ፣ ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም።