ለሶሌታ ድጋፍ ቀጭን አጣና፣ ወፍራም አጣና ወይስ የብረት ኪራይ?

ሶሌታ ሊሞላ የተዘጋጀ ሰው ሁሉ «አጣና ልግዛ ወይስ ብረት ልከራይ?» ይላል። አጣና በሚለው ስም ግን ሁለት የተለያየ ዕቃ ይሸጣል። አንዱ ትናንት ተቆርጦ ዛሬ መኪና ላይ የተጫነው ቀጭን ባሕር ዛፍ ነው፣ ሌላው ተልጦ የደረቀው ወፍራሙ። የመጀመሪያውን ሰው የሚገዛው ርካሽ ስለመሰለው ነው። የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር፦ ከወለል እስከ ሶሌታ ከ3 ሜትር ለማይበልጥና ሁለት ወይም ሦስት ሶሌታ ለሚሞላ መኖሪያ ቤት ወፍራሙን ደረቅ አጣና ግዙ። ለአንድ ሶሌታ ብቻ ከሆነ ወይም ቁመቱ ከዚያ ከበለጠ ብረት ተከራዩ። ቀጭኑን ለማገርና ለአጥር ተዉት።

ምክንያቱ ውፍረት ላይ ነው። ረጅምና ቀጭን ቋሚ ከላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ አይደለም የሚወድቀው፣ ወገቡ ላይ ጎብጦ ነው። ጉብጠትን የመቋቋም አቅም ደግሞ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከ8 ሴንቲ ሜትር ወደ 6 መውረድ ሩብ ያህል መቀነስ ቢመስልም አቅሙን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይወስዳል። የእርጥብ ባሕር ዛፍን ጥንካሬ ዝቅ አድርገን ብናሰላ፣ 3 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ባለ 8 ሴንቲ አጣና 1,800 ኪሎ ገደማ ላይ ይጎብጣል። ባለ 6 ሴንቲው 570 ኪሎ ላይ።

አሁን ጭነቱን እንይ። 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ በአንድ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ይመዝናል። ሰው፣ ባሬላና የተከመረ ኮንክሪት ሲጨመር 150፣ ጣውላውና ሞራሌው 50 ብንል በካሬ 575 ኪሎ ይሆናል። አናጺው በየ1 ሜትሩ ባለ 6 ሴንቲ አጣና ካቆመ እያንዳንዱ ቋሚ ከሚጎብጥበት ጭነት በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። «እስከ ዛሬ ስንት ሠርተናል፣ አልወደቀም» የሚሉ አሉ። ያልወደቀው ቋሚዎቹን በአግድም የያዘ ማሰሪያ ስለነበረ ነው፣ ወይም ደግሞ ባሬላው ሁሉ አንድ ቦታ ስላልተሰበሰበ። በሦስት አካፍለን መተማመኛ ብንይዝ ወፍራሙ 600 ኪሎ፣ ቀጭኑ 190 ኪሎ ብቻ ይደርሰዋል። ወፍራሙም ፍጹም ቀጥ ያለ ስለማይገኝ በየ1 ሜትሩ ሳይሆን በየ80 ሴንቲው አቁሙት፣ ያን ጊዜ አንዱ የሚሸከመው 370 ኪሎ ያህል ነው።

ስለ ዋጋ እንነጋገር። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፣ በየሰፈራችሁ የተጠራላችሁን ተክታችሁ አስሉት። 10 በ10 ሜትር ሶሌታ አለን። ወፍራሙ በየ80 ሴንቲው 14 በ14፣ ማለትም 196 አጣና ይፈልጋል። አንዱ 200 ብር ቢሆን 39,200 ብር። ቀጭኑ 110 ብር ነው እንበል። 190 ኪሎ ብቻ እንዲሸከም ከተፈለገ በየ57 ሴንቲው መቆም አለበት፣ ይህም 19 በ19፣ 361 አጣና ነው። 39,710 ብር! ርካሹ በ510 ብር ተወደደ፣ ምስማሩና የአናጺው ቀን ገና አልተቆጠረም። ሥሩም እንደ ጫካ ስለሚሆን ሰው ገብቶ ሽብልቅ ሊያጠብቅ አይችልም።

ብረቱ በየ1 ሜትሩ 121 ፍሬ፣ በቀን 8 ብር ኪራይ፣ ለ30 ቀን 29,040 ብር ይመጣል። ለአንድ ሶሌታ ከሆነ ከወፍራሙ አጣና ያንሳል። ኪራይ ግን ሲሚንቶ ሲጠፋ አይቆምም። ፌሮ በ10 ቀን ቢዘገይ 9,680 ብር ተጨምሮ 38,720 ይደርሳል፣ ልዩነቱም ወደ 480 ብር ይወርዳል። ለሦስት ሶሌታ ሳይዘገይም 87,120 ነው። አጣናው በየዙሩ አንድ አምስተኛው ተሰነጠቀ ወይም አጠረ ብለን 40 ፍሬ ሁለት ጊዜ ብንተካ ጠቅላላው 55,200 ብር ይሆናል። መጨረሻ ላይም ለአጥር የሚገዛ አይጠፋም።

ሲገዙ የሚታለሉበት ቦታ አለ። ሻጩ የሚያሳየው የታችኛውን ወፍራም ጫፍ ነው፣ ዛፉ ግን ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ለጉብጠት የሚወስነው ወገቡ ስለሆነ ሜትሮውን እዚያ ላይ ጠምጥሙት። 8 ሴንቲ ውፍረት ማለት ዙሪያው 25 ሴንቲ ነው፣ 19 ብቻ ካለ 6 ሴንቲ ነው። ቅርፊቱ ካልተላጠ ልኬቱ ይዋሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ላጥ አድርጉ። ቀጥታነቱን በገመድ እዩ፦ ከጫፍ ጫፍ ወጥራችሁ በ3 ሜትር ውስጥ መሀሉ ከገመዱ ከሁለት ጣት በላይ ከራቀ ለድጋፍ አይሆንም፣ ለሰያፍ ማሰሪያ አውሉት።

ድርቀቱን በክብደት ታውቁታላችሁ። ተልጦ 3 ሜትር የተቆረጠ ባለ 8 ሴንቲ አጣና እርጥብ ሲሆን 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የደረቀው 11 ወይም 12። እርጥቡ ሊጨፈለቅ የሚችልበት ጭነት ከደረቀው ግማሽ ገደማ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ቆሞ ሲደርቅ ውፍረቱ መቀነሱና ጫፉ መሰንጠቁ ነው፣ ምስማሩ ይላላል፣ ሽቦው ይፈታል። ነጭ ባሕር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ መሰንጠቅና መጠማዘዝ ይወዳል። እርጥብ ከመግዛት ሌላ አማራጭ ከሌለ እንደተቆረጠ ላጡት (ያን ጊዜ ቅርፊቱ በቀላሉ ይወልቃል)፣ ጫፉን በጥቁር ሽቦ ሁለት ዙር ጥፈሩት፣ ከመሬት 30 ሴንቲ ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት። በበጋ ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። ከሚያስፈልገው 10 ሴንቲ አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ የተሰነጠቀው ጫፍ በኋላ ይቆረጣል።

መበስበስ በአንድ ሶሌታ ሦስት ሳምንት ውስጥ አይመጣም። የሚመጣው በመካከል ነው፣ ከመጀመሪያው ሶሌታ የወጣው አጣና ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተከምሮ ክረምቱን ሲያሳልፍ። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለው እንጨት የየትኛውም ባሕር ዛፍ ቢሆን ለፈንገስ ደካማ ነው። በወጣት ዛፍ ደግሞ አብዛኛው አካል እሱ ነው። ተንኮሉ ደግሞ ይህ ነው፦ ክብደቱ ከ10 በመቶ በታች ቀንሶ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ ጥንካሬው በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዳግም ከመቆሙ በፊት እያንዳንዱን በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት፣ በተለይ መሬት የነካውን ጫፍና ምስማር የነበረበትን ቀዳዳ። ጤነኛ እንጨት ሲፈለቀቅ ረጅም ስንጥር ይሰጣል፣ የበሰበሰው አጭር ሆኖ ይሰበራል። በመዶሻ ሲመታ የሚያስተጋባው ጥሩ ነው፣ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ይለይ። እንደ አዳማ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ምስጥም አለ፤ ውጭው ሙሉ ሆኖ ውስጡ ሊበላ ይችላል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት እምብዛም አይጠቅምም፣ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ላዩን ያንሸራትታል፣ ሰው በሚረግጠው እንጨት ላይ ደግሞ ከበሽታው የባሰ ነው።

አቋቋሙ ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከታች ነው። ባለ 8 ሴንቲ አጣና መሬቱን የሚነካው በ50 ካሬ ሴንቲ ብቻ ነው። 370 ኪሎ ሲጫንበት እንደ ችንካር ወደ አፈሩ ይሰምጣል፣ በተለይ የሶሌታው ውሃ ሲወርድበት። 25 በ40 ሴንቲ ጣውላ ከሥሩ ሲሆን ጫናው ሃያ ጊዜ ይቀንሳል። ብሎኬት ከሥር አታድርጉ፣ ባዶ ሆዱ ድንገት ይፈነዳል። ከጣውላው በላይ ሁለት ሽብልቅ ፊት ለፊት ይግቡ፣ ከፍታው በእነሱ ይስተካከል፣ ከዚያም እንዳይወጡ በምስማር ይያዙ። ቋሚው በቱንቢ ይታይ። ከዚያ በወገቡ ከፍታ በሁለቱም አቅጣጫ አግድም ይታሰር፣ ጥግ ላይ ሰያፍ ይግባ። አግድሙ ወገቡን ከያዘ የሚጎብጠው ርዝመት በግማሽ ስለሚያጥር አቅሙ አራት ጊዜ ያድጋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የታሰረ ግን በሌላው ይጎብጣል፣ ትርፉ የለም። አጥሮ የተቀጠለ አጣናን በተቻለ መጠን አትቀበሉ፤ ጎን ለጎን ተደርቦ በሦስት ምስማር የተያዘ ቅጥል ጭነቱን በምስማሩ ላይ ነው የሚጥለው። ኮንክሪቱ ሲሞላም አንድ ሰው ከሶሌታው ውጭ ሆኖ ሽብልቆቹን ይከታተል፣ ቫይብሬተር ሲያናውጥ ይላላሉና።

ብረት ከተከራያችሁ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። በቀጭን ቱቦ የተሠራ አስመሳይ አለ፤ ውስጠኛው ቱቦ ሲወዘወዝ በሰፊው ይንቀሳቀሳል፣ ሲመታም እንደ ጣሳ ይጮኻል። ፒኑን ተመልከቱ፦ የራሱ ፒን ጠፍቶ በቁራጭ ባለ 8 ፌሮ የተተካ ብዙ ነው። ፌሮው ይጎብጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ድጋፉ ጥቂት ይወርድና ጭነቱን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ስትረከቡ እያንዳንዱን ቆጥራችሁ እዩ፣ የጎበጠውን አትቀበሉ፣ ስትመልሱ የጎበጠ ካለ ዋጋውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ለግንበኛ መወጣጫ አጣና ጥሩ ነው፣ ግን ከሦስት ፎቅ በላይ አይሁን። ቋሚዎቹ ከ2 ሜትር በላይ አይራራቁ፣ በየ4 ሜትር ከፍታው ከኮለን ጋር ይታሰሩ። አግድሙ ጎኑ ላይ በተመታ ምስማር ብቻ መንጠልጠል የለበትም፤ ከሥሩ አጭር ቁራጭ እንጨት በቋሚው ላይ ይመታና በእሱ ላይ ይረፍ። ከፍ ያለው ጫፍ ላይ በ1 ሜትር ከፍታ መያዣ ይኑር።

ድጋፉ ሲነሣ ከመሀል ወደ ዳር እየተላላ ይሂድ፣ በረንዳ ሆኖ የወጣው ክፍል ግን ከነፃው ጫፍ ወደ ቤቱ። ሽብልቁን በመዶሻ ቀስ እያላላችሁ እንጂ ቋሚውን በእግር አትምቱት፣ የሚቀጥለው ሶሌታ የሚፈልገው እሱኑ ነው።