የዋጋ ዳታ ማጣሪያ፦ የተጣራ ልግዛ ወይስ ራሴ ላጣራ?

አንድ ሌሊት የዋጋ መከታተያዬ ቀሰቀሰኝ። 50 ላይ የነበረ አክሲዮን 5 ገባ ይላል። አክሲዮኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ነጥቧ ተንሸራታ 50.00 የነበረው 5.00 ተብሎ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው ስህተት ማንቂያው ጋ ሳይደርስ እንዲቀር አራት መንገዶችን ሞክሬያለሁ። ሦስቱን ራስዎ ይሠሯቸዋል፣ አንዱ በገንዘብ የሚገዛ ነው።

ቀላሉ የፐርሰንት ገደብ ነው። ካለፈው ዋጋ ከ5 በመቶ በላይ የራቀውን ይጥላል። 5.00ን ይይዛታል። ነገር ግን ለረጋ አክሲዮን 5 በመቶ ሰፊ በር ነው፤ 50.02 መሆን የነበረበት 51.50 ሆኖ ቢመጣ ዝም ብሎ ያልፋል። ለሚዘል አክሲዮን ደግሞ ያው በር ይጠባል። ጥቂት አክሲዮን ብቻ ለሚከታተል ሰው ያስኬዳል።

ሁለተኛው አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ እኔም ጭምር። ደንቡ ከአማካዩ ከ3 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በላይ የራቀውን ጣል ይላል። እስቲ በአሥር ዋጋ እንየው፦ 50.00፣ 50.01፣ 50.02፣ 50.01፣ 50.03፣ 50.02፣ 50.01፣ 50.02፣ 50.03፣ 5.00። አማካዩ ወደ 45.52 ይወርዳል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ወደ 14.24 ያብጣል። 5.00 ከአማካዩ የራቀችው 40.52 ሲሆን ገደቡ 42.71 ነው። አለፈች! ስህተቷ መለኪያውን ራሱ ጎትታ አበላሽታዋለች። ነገሩ የዚህ ምሳሌ አጋጣሚ አይደለም፤ ተፈታኙ ዋጋ እዚያው አሥር ውስጥ ከተቆጠረ፣ የፈለገውን ያህል ቢርቅ ከ2.85 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በላይ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ይህን አልመክርም።

ሦስተኛው ሚዲያን ነው። ዋጋዎቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መሃለኛውን መውሰድ ማለት ነው። በእነዚያው አሥር ዋጋዎች ሚዲያኑ 50.015 ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ዋጋ ከሚዲያኑ ምን ያህል እንደራቀ ይሰላና የርቀቶቹ ሚዲያን ይወሰዳል፤ 0.005 ይሆናል። የዚህ አሥር እጥፍ 0.05 ነው፣ 5.00 ደግሞ በ45 ርቃለች። እዚህ ማምለጫ የላትም። በኮድ ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ `w` የቅርብ ጊዜ ዋጋዎቹን የያዘ የpandas Series ነው፣ `p` ደግሞ የሚፈተነው ዋጋ፦

```python
med = w.median()
mad = (w - med).abs().median()
bad = abs(p - med) > max(10 * mad, 5 * tick)
```

የመጨረሻው መስመር ላይ ያለችውን `5 * tick` እንዳይዘልሏት። `tick` ዋጋው የሚንቀሳቀስባት ትንሿ እርምጃ ናት፣ እዚህ 0.01። ዋጋው ለተወሰነ ጊዜ 50.02 ላይ ቆሞ ቢቀር `mad` ዜሮ ይሆናል፤ ያኔ 50.03 እንኳ እንደ ስህተት ይጣላል።

የሚዲያን ትልቁ ችግር እውነተኛ ዝላይ ሲመጣ ነው። ዜና ወጥቶ ዋጋው ከ50 ወደ 47 ቢወርድ 47ን ይጥላታል። የተጣሉት ወደ `w` እንዳይገቡ ካደረጉ ደግሞ ቀጣዮቹንም ሁሉ ይጥላል፤ መከታተያው 50 ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ሎጉን ሲያዩ በተከታታይ የተጣሉት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ የታመመው ዳታው ሳይሆን ማጣሪያው ነው። መፍትሔው የተጠረጠረውን ዋጋ ወዲያው ከመጣል ማቆየት ነው። ቀጣዮቹ ሦስት ዋጋዎች አጠገቡ ካረፉ ይቀበሉት፤ ወደ 50 ከተመለሱ ይጣሉት። ማንቂያው ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ሌሊት አይቀሰቅስም።

አራተኛው ከዳታ ሻጭ የተጣራ መግዛት ነው። ሻጩ እርስዎ ዋጋ ብቻ ቢይዙ የማያዩትን ሊያይ ይችላል፤ ዘግይቶ የተመዘገበ ግብይት የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው በኋላ እንደተሰረዘ። ይህ በሒሳብ አይገኝም። በብዙ ገበያ ብዙ አክሲዮን የሚከታተል ሰው ቢገዛ ይሻለዋል። የሚያሰጋው ምን እንደጣለ አለማወቅዎ ነው። የተጠረጠረውን ምልክት አድርጎበት ከሚያቆይ ሻጭ ይግዙ፤ ቆርጦ ከሚያጠፋው ይራቁ።

አንድ አክሲዮን ወይም ሃምሳ የሚከታተል ሰው ከሆኑ ምርጫዬ ማቆያ ያለው ሚዲያን ነው። ሊገዙ ከወሰኑ ግን ከመክፈልዎ በፊት የግንቦት 6 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) የአክሰንቸርን ዳታ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ያን ቀን የአሜሪካ ገበያ በደቂቃዎች ውስጥ ተንኮታኩቶ 40 ዶላር ገደማ የነበረው አክሲዮን በ1 ሳንቲም ተሸጧል፤ ከማጣቀሻው ዋጋ ከ60 በመቶ በላይ የራቁት ግብይቶች በኋላ ተሰርዘዋል። ያቺ 1 ሳንቲም "በኋላ የተሰረዘ" የሚል ምልክት ይዛ ከታየች ሻጩ ሥራውን ያውቃል።