«ቢጫው ይለቃል» ብለው ሸሚዜን በበረኪና ጨረሱት

ነጭ ሸሚዝ ለላውንደሪ የምትሰጡ ሰዎች ይህን አንብቡ። ዛሬ ነው የሆነው፣ ንዴቴም አልበረደም።

ሸሚዙ የማይጨማደድ የሚባለው ዓይነት ጥጥ ነው። ኮሌታውና ብብቱ ላይ የላብ ቢጫ ይዞ ነበር እንጂ ጨርቁ ደህና ነበር። ሰፈራችን ያለው ላውንደሪ በሩ ላይ «ማንኛውንም እድፍ እናስለቅቃለን» ብሎ ለጥፏል። ስሰጣቸው ለምትቀበለው ልጅ ብብቱን ገልጬ አሳየኋት። «ይለቃል፣ ግን የእድፍ ማስለቀቂያ ጭማሪ አለው» አለችኝ። ጭማሪውን ከፈልኩ። ውስጡ የተሰፋውን ምልክትም በጣቴ አሳየኋት፦ ሁለት ሰያፍ መስመር ያለበት ሦስት ማዕዘን። ክሎሪን ያለው ነገር አይንካኝ ማለት ነው፣ በረኪና ማለት ነው። «እሺ፣ እናውቃለን» አለች።

ዛሬ ልወስድ ሄድኩ። ታጥፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ላስቲኩን ስከፍት የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን መታው። ዘረጋሁት። ኮሌታው ነጭ መሆኑ ቀርቶ ካውያው ያለፈበት ሁሉ የክሬም ቀለም ይዟል። ብብቱ ከሰጠሁበት ቀን የባሰ ቢጫ ሆኗል። ስፌቱ አጠገብ ያለውን ጨርቅ በሁለት አውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ወጠርኩት። ድምፅ እንኳን ሳያሰማ ተተረተረ። እንደ ረጠበ ወረቀት።

ልጅቷ አየችው። ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ላብህ ነው የበላው» አለችኝ። ሰው በተሰለፈበት! በረኪና ተጠቅማችሁ እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት። «እኛ በረኪና አንጠቀምም» አለች። ከኋላዋ በሩ ገርበብ ብሏል፣ የበረኪናው ጀሪካን ከማጠቢያው ማሽን አጠገብ ቆሟል። በጣቴ ሳሳያት በሩን በእግሯ ገፍታ ዘጋችው። ከዚያ ደረሰኙን ገልብጣ «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚለውን መስመር አሳየችኝ። ኃላፊው ከውስጥ ወጥቶ «ለአንድ ሸሚዝ ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?» ብሎኝ ተመለሰ። ጭማሪውን እንኳን አልመለሱልኝም።

«ላብህ ነው» የሚለው ነገር ነው የሚያንገበግበኝ፣ ውሸት ስለሆነ። ላብ ጨርቅን የሚያደክመው በረጅም ጊዜ ነው፣ በአንድ እጥበት አይተረትረውም። ጥጥን በአንዴ እንደዚህ የሚበላው ወፍራም በረኪና ነው። የላቡን ቅሪትም ነጭ በማድረግ ፈንታ ጭራሽ ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። የማይጨማደድ ሸሚዝ ላይ ደግሞ ይብሳል። እንዳይጨማደድ የተቀባው ነገር ክሎሪኑን ይዞ ያስቀራል። ከዚያ ካውያ ሲያርፍበት ክሎሪኑ ወደ አሲድነት ይለወጥና ክሩን ይበላዋል፣ ጨርቁም ቢጫ ይሆናል። ካውያ ያለፈበት ሁሉ ክሬም የሆነው ለዚህ ነው። የእኔ ላብ ኮሌታው ጫፍ ድረስ አልሄደም።

ባጭሩ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል። ኮሌታ ላይ ያለው በብዛት የቆዳ ቅባት ስለሆነ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀቡት፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩትና በለስላሳ ብሩሽ እሹት። የብብቱ ቢጫ ላብ ከዲኦዶራንት ጋር ተጣብቆ የሠራው ነው፤ ብዙዎቹ ላብ የሚያስቆሙ ዲኦዶራንቶች አሉሚኒየም አላቸው። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡና ብብቱን ግማሽ ሰዓት ንከሩት። በደንብ አለቅልቁት። ከዚያ ከፋርማሲ 3 በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ። በቤኪንግ ሶዳ ለውሳችሁ ቀቡት፣ እስከ አንድ ሰዓት ተዉትና እጠቡት። ጥጡን እንደ በረኪና አይጎዳውም። ሱፍና ሐር ላይ ግን ይህን አትሞክሩ።

ቢጫው መልቀቁን ሳታረጋግጡ አትተኩሱት፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል። ካልለቀቀ ድገሙት። የቆየ ቢጫ በአንዴ አይለቅም፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይጠፋም። ያም ቢሆን ሸሚዙ ይለበሳል፣ የእኔ ግን አይለበስም።

ላውንደሪ መስጠት ግድ ከሆነባችሁ «በረኪና አይነካም» ብለው ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ አድርጉ። ካልጻፉ ሸሚዛችሁን ይዛችሁ ውጡ። ስትቀበሉ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ላስቲኩን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ ብብቱንም ወጥሩት። በረኪና የነካው ሸሚዝ ከገጠማችሁ በብዙ ውኃ ደጋግማችሁ ሳታለቀልቁ አቼቶ አታስነኩት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል።