አርቲኤክስ 3080 ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፦ የዘጠኝ ወር አጠቃቀም

ካርዱ ጥሩ ነው፤ የገባበት ኬዝ ግን አይመጥነውም ነበር። ይህ ባለ ሦስት ፋን አርቲኤክስ 3080 የግራፊክስ ካርድ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደሴ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ሠርቷል። ደሴ ላይ አንድም ቀን በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን አልቀነሰም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ግን ከሰዓት በኋላ ሬንደር መጎተት ጀመረ። «ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ ነዋ!» ማለት ይቀናል፤ ይህ ግን ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ደሴም እያለ ነበረ፤ ብርዱ ሸፍኖት ነው እንጂ።

በመጀመሪያ «ቀነሰ» የሚባለው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ካርዱ የተፈቀደለት ኃይል 320 ዋት ነው። ከባድ ሬንደር ላይ እዚያ ጣሪያ ሲደርስ ክሎኩን፣ ማለትም የሥራ ፍጥነቱን፣ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ጤናማ ነው፣ ከሙቀት ጋርም አይገናኝም። ሲሞቅ ደግሞ ገና ከአደጋው ርቆ ሳለ በ15 ሜጋኸርዝ፣ በ15 ሜጋኸርዝ ይወርዳል፤ ይህም ዓይን የሚያየው ልዩነት አያመጣም። የሚያሳስበው የኮሩ ሙቀት 83 ዲግሪ ላይ ተጣብቆ፣ ወይም ሜሞሪው 110 ደርሶ፣ ክሎኩ በመቶዎች ሲወርድ ነው። ሦስቱን ለመለየት ይህን ትእዛዝ ከፍቶ ሬንደሩን ማስነሳት ይበቃል፦

```
nvidia-smi -q -d PERFORMANCE -l 5
```

`SW Power Cap` ፊት ለፊት `Active` ካለ የኃይል ጣሪያው ነው፣ ተዉት። `SW Thermal Slowdown` ወይም `HW Thermal Slowdown` ላይ `Active` ከታየ ግን ጥፋተኛው ሙቀት ነው። ይህ ትእዛዝ የሜሞሪውን ሙቀት አያሳይም፤ ለእሱ ዊንዶውስ ላይ HWiNFO ከፍቶ `GPU Memory Junction Temperature` የሚለውን መስመር ማየት ነው። የ3080 ሜሞሪ በጣም የሚሞቅ ዓይነት ስለሆነ፣ ኮሩ 75 ዲግሪ ላይ በሰላም ተቀምጦ ሜሞሪው ብቻውን ካርዱን ሊያዘገይ ይችላል። የኮሩን ቁጥር ብቻ አይቶ «ካርዴ አይሞቅም» ማለት ከዚህ ይመጣል።

ቀጥሎ የክፍሉ ሙቀት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር አይጠቅምም። መለኪያው ኬዙ አየር ከሚስብበት ፊት አራት ጣት ያህል ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ካርዱ የሚተነፍሰው እሱን አየር ነውና። ከዚያ የካርዱን ፋን 75 በመቶ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። ፋኑ በራሱ እየፈጠነ ከሄደ ሙቀቱን እየደበቀ ስለሚያስተካክል ሁለት ልኬት ማወዳደር አይቻልም። ሬንደሩ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ቁጥሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይነቃነቅ ሲቆም ይመዝገብ። የሚፈለገው ቁጥር የካርዱ ሙቀት ሳይሆን፣ ከእሱ ላይ የመግቢያው አየር ሙቀት ሲቀነስ የሚቀረው ልዩነት ነው። ክፍሉ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ካርዱም በአንድ ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ልዩነቱ ግን የኬዙና የካርዱ የራሳቸው ባሕርይ ስለሆነ ይዘውት ይጓዛሉ።

ደሴ ላይ፣ ኬዙ እንደተገዛ ፊቱ በመስታወት ተሸፍኖ ሳለ፣ የተመዘገበው ይህ ነው፦ መግቢያው 18 ዲግሪ፣ ኮሩ 78፣ ሜሞሪው 104። የኮሩ ልዩነት 60 ማለት ነው። ማንም ቢያየው «78 ምን አለበት?» ይላል፤ 60 ግን ብዙ ነው። የጎን ክዳኑ ተነሥቶ በዚያው ፋን ፍጥነት እንደገና ሲለካ ኮሩ 66፣ ሜሞሪው 92 ሆነ። አሥራ ሁለት ዲግሪ! ክዳን ማንሣት ከሁለትና ሦስት ዲግሪ በላይ ካላወረደ ኬዙ ደህና ነው፤ ቀሪው የክፍሉ ወይም የካርዱ ጉዳይ ይሆናል። አምስትና ከዚያ በላይ ካወረደ ካርዱ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየጠጣ ነው። አሥራ ሁለት ከሆነ መስታወቱ አፍኖታል። ከፊት ሦስት ፋን ተደርድሮ መስታወቱ በጎኑ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ብቻ ሲተው፣ ፋኖቹ ይሽከረከራሉ እንጂ የሚስቡት አየር የለም። ኬዙ ያምራል፣ መብራቱም ያምራል፤ ለዚህ ካርድ ግን አይሆንም።

ክዳኑን ከፍቶ መኖርም መፍትሔ አይደለም። አቧራው አለ፣ የተዘረጋውን የፋን ቅደም ተከተልም ያበላሻል፤ ለምርመራ ግን ከዚህ የሚሻል መሣሪያ የለም።

ስለ ከፍታው ትንሽ ማለት ይገባል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በአንድ አምስተኛ። ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ግን ቀላል ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ባሕር ጠለል ላይ ኬዙ ውስጥ አየሩን በ10 ዲግሪ የሚያሞቅ ሥራ፣ ደሴ ላይ በ13 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ስለዚህ ሌላ አገር በተለካ ቁጥር ተመርቶ «እነሱ ጋ 70 ከሆነ፣ ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች እኛ ጋ 60 ይሆናል» ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ብርዱ የሚሰጠውን የአየሩ መሳሳት ከፊሉን ይወስደዋል። በተቃራኒው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ አየሩ ጥቂት ስለሚወፍር ልዩነቱ በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ይጠባል።

ይህን ይዞ ካርዱ ሳይወርድ በፊት ማስላት ይቻል ነበር። የግንቦት ከሰዓት የመግቢያ አየር 29 ዲግሪ፣ ሲደመር 57፣ 86 ይሆናል። ካርዱ ግን 83 ላይ ራሱን ስለሚገታ 86 አይደርስም፤ ሦስቱን ዲግሪ በፍጥነት ይከፍላል። የሆነውም ይኸው ነው። ፋኑ ነፃ ሲለቀቅ መቶ በመቶ ደረሰ፣ ኮሩ 83 ላይ ቆመ፣ ሜሞሪው 110 ነካ፣ ክሎኩ ከ1,800 ወደ 1,550 ሜጋኸርዝ እየወረደ እየወጣ ይዋዥቅ ጀመር፣ `SW Thermal Slowdown` ላይም `Active` ታየ። በ20 ደቂቃ ያልቅ የነበረ ሬንደር 23 ደቂቃ ፈጀ።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። የፊቱ መስታወት ተነቅሎ በቦታው የመስኮት ወንፊት ሽቦ፣ ያው ለወባ ትንኝ የሚደረገው፣ ተወጥሮ ታሰረ። ሽቦው ብረት ይሁን፤ ጨርቅ ነክ የሆነው መረብ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ አቧራም ቶሎ ይደፍነዋል። ፋን አልተጨመረም። ይህ ገና ደሴ ላይ ሊደረግ ይገባው የነበረ ሥራ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በዚያው 29 ዲግሪ፣ ፋኑ 75 በመቶ ላይ ታስሮ፣ ኮሩ 77፣ ሜሞሪው 100 ሆነ፤ ልዩነቱ 48። ክሎኩም ወደ 1,800 ተመለሰ።

ይሁንና ክፍሉ ራሱ ይቀራል። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ሌላው ተደምረው 450 ዋት አካባቢ ሙቀት ይተፋሉ፤ ባለ አንድ ሺህ ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ በግማሽ ጉልበቱ ክፍሉ ውስጥ ሲነድ እንደ ማለት ነው። በርና መስኮት ተዘግቶ ሦስት በአራት በሆነ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ የመግቢያው አየር 34 ደረሰ፣ ኮሩም 82። መስኮቱ ሲከፈት ወደ 30 ተመለሰ። አየር ወደ ውጭ እንዲወጣ መስኮትና በር ትይዩ መከፈት አለባቸው፤ ቬንትሌተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማዞር ያንኑ ሙቅ አየር ከማመስ አያልፍም።

የመግቢያው አየር ከክፍሉ መካከል ከሦስት ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከኋላ የወጣው አየር ዞሮ ወደ ፊት እየገባ ነው። በእንጨት ጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ኬዝ ሁሌም ይህ አለበት። ለማረጋገጥ ከቡናው የተረፈ ዕጣን ኬዙ ኋላ ይያዝና ጭሱ የት እንደሚሄድ ይታይ። ግድግዳውን መትቶ በጎን ወደ ፊት ከተጠቀለለ፣ ኬዙን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ማራቅ ነው። ለምርመራ ጥቂት ጭስ ይበቃል፤ በየቀኑ የሚጤስ ዕጣን ግን ሙጫው ወንፊቱ ላይ ስለሚጋገር አቧራውን አጥብቆ ይይዘዋል፣ በብሩሽም አይለቅም። ቡና የሚፈላበት ክፍልና ኮምፒዩተሩ ቢለያዩ ይመረጣል። ኮምቦልቻ ላይ ወንፊቱ በየሦስት ሳምንቱ ካልተጠረገ ልዩነቱ ከ48 ወደ 52 ይወጣል።

መስኮት መክፈት በማይቻልበት ቀን ኃይሉን መቀነስ ነው፦

```
nvidia-smi -pl 280
```

ትእዛዙ በአስተዳዳሪ መብት መከፈት አለበት፣ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋም ይሰረዛል። በ280 ዋት ኮሩ በስድስት ዲግሪ ወረደ፤ 20 ደቂቃ የሚፈጀው ሬንደር አንድ ደቂቃ አልጨመረም። ከ250 በታች ግን ፍጥነቱ በግልጽ ይጎዳል፣ አያስፈልግም።

ያልተፈታው የሜሞሪው ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በኮሩና በሜሞሪው መካከል ያለው ርቀት ከ23 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ ኬዙ ሲስተካከልም ብዙ አልጠበበም። ይህ የሚያመለክተው አየሩን ሳይሆን በሜሞሪውና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን ለስላሳ ንጣፍ ነው። መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን የዋናው ንጣፍ ውፍረት በሚሊሜትር ሳይታወቅ ከእሱ በግማሽ ሚሊሜትር የወፈረ ከገባ ማቀዝቀዣው ከኮሩ ላይ ይነሣና፣ ሜሞሪው ሲበርድ ኮሩ ይቃጠላል። ርቀቱ ከ30 እስካላለፈ ድረስ ካርዱ አይፈታም።