ለአባቴ የገዛሁት «የሰው ድምጽ»፦ ዓመቱን ከመክፈላችሁ በፊት ስሙኝ

80 ዶላር ነው የከፈልኩት፣ የዓመት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ተመሳሳይ ነገር የሚሸጡ ብዙ ናቸው፣ ማስታወቂያቸውም ያው ነው። ግን እንደኔ ውጭ ተቀምጣችሁ፣ አገር ቤት ላሉ ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች የማንበቢያ አፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ካርዳችሁን ለጊዜው አስቀምጡት።

አባባ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። ግላኮማ ዓይናቸውን ከወሰደው ስድስት ዓመት ሆነ። ማንበብ ግን አልተዉም። ውሉን፣ አዋጁን፣ የፍርድ ግልባጩን ሁሉ በጆሯቸው ነው የሚያነቡት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም አላቸው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምጽ አማርኛ ያነባል። እውነቱን ለመናገር ድምጹ ያስጠላል። በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ስደውል ከኋላ በሰማሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ለዚህ ነው የሰው የሚመስል የአማርኛ ድምጽ አለ የሚል ማስታወቂያ ሳይ ዘልዬ የገባሁት።

ማሳያው 40 ሰከንድ ነው። ለስላሳ የሴት ድምጽ ስለ ቡና አፈላል አንድ አንቀጽ ታነባለች። ዜና አንባቢ በሏት። አሁን ሳስበው እዚያ ውስጥ ቁጥር የለም፣ ቅንፍ የለም፣ ምህጻረ ቃል የለም። ፍጥነቱም እኛ የምናወራበት ነው። አባባ በቀን ለሰዓታት ከሚሰሙት ነገር አንዱም አልነበረበትም ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም አሉ። ስጦታ ነውና እንዳይከፋኝ ብለው ነው፣ አውቃቸዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ግን «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ድምጿስ ሸጋ ነው፤ ስትቸኩል ግን ከሳሽና ተከሳሽ ታምታታብኛለች» አሉኝ።

ሳቅሁ። በኋላ እኔም ሰነዱን ከፍቼ እሳቸው በሚሰሙበት ፍጥነት፣ ማለትም በእጥፍ፣ አዳመጥኩት። እውነታቸውን ነው። «ተከሳሽ» ሲል መነሻው «ተ» ትዋጣለች። «የሚከፈል» እና «የማይከፈል» መለየት አቃተኝ። ውል ውስጥ እንግዲህ ይህቺ አንዲት ፊደል ናት ጉዳዩ ሁሉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ያ አፕ መጀመሪያ ንግግሩን በተለመደው ፍጥነት ያዘጋጃል፣ ከዚያ የተዘጋጀውን ድምጽ ያጨማድደዋል። ሲጨማደድ አጫጭሮቹ ድምጾች ቀድመው ይጠፋሉ። የበርሜሉ ድምጽ ግን እያንዳንዱን ድምጽ ራሱ በስሌት ስለሚሠራ፣ ፍጠን ሲባል ከመጀመሪያው አሳጥሮ ይሠራዋል። ለጆሮ አይጥምም፤ ጠርዙ ግን እንደተሳለ ይቆያል። ለብዙ ዓመት በጆሯቸው ያነበቡ ሰዎች ያንን ቆርቆሮ ድምጽ የሚመርጡት ለዚህ ነው። እኔ ለራሴ ጆሮ የሚጥመውን ነበር የገዛሁት።

ቁጥሩ ደግሞ የባሰ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723(1) የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን የሚያዘው ነው፤ ቤት ሽያጭ ላይ የሠራ ጠበቃ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አፑ ቅንፉን ዘሎ «አስራ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ» ብሎ አነበበው። አባባ ሕጉን ስለሚያውቁ ሳቁ። የማያውቅ ተማሪ ቢሆንስ?

አንድ ነገር ላይ ግን ፍርደ ገምድል አልሁን። ማጥበቅና ማላላት ላይ ሁሉም ድምጾች ይሳሳታሉ። ፊደላችን መጥበቁን አይጽፍም፤ «ዋናው ውል» ሲባል የመዋኛ ዋና አድርጎ ቢያላላው፣ ወይም «አለ» ሲል ተናገረ ይሁን ተገኘ ቢያደናግር አልፈርድበትም። እሱን ችላችሁ እለፉት። ቅንፍ መዋጥ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ኮታው መጣ። ማስታወቂያው «ያልተገደበ ማዳመጥ» ይላል። በደቃቁ የተጻፈው ላይ ግን ጥሩው ድምጽ በወር እስከ 200,000 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ድምጽ ይወርዳል። ፊደል ሲባል ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። የአባባ አንድ ገጽ በግምት 1,600 ይሆናል። አስሉት፤ 125 ገጽ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰው ደግመው የሰሙትም እንደ አዲስ ይቆጠራል፣ ጠበቃ ደግሞ ደጋግሞ ሳይሰማ አያልፍም። አዲስ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አንድ የፍርድ ግልባጭ መሀል ላይ ሴትዮዋ ሄደች፣ ሌላ ሰው መጣ።

ስለዚህ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። የሚሰማው ሰው በእርግጥ የሚያነበውን ሰነድ ውሰዱ፣ ቁጥርና ቅንፍ ያለበት ይሁን። በመጀመሪያ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ባዶ ገጽ ላይ ለጥፉ። በላቲን ፊደላት የተዝረከረከ ነገር ከወጣ ፋይሉ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዡዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ነው። ምንም መምረጥ ካልቻላችሁ ደግሞ የተነሳ ፎቶ ነው። ሁለቱንም የትኛውም ውድ ድምጽ አያነብላችሁም፤ መጀመሪያ ፋይሉ መስተካከል አለበት።

ፋይሉ ደህና ከሆነ በሚሰሙበት ፍጥነት አንድ ገጽ አሰሟቸው። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ገባኝ ይላል። «ስንት ብር ነበር? ማን ነው የሚከፍለው? በስንት ቀን?» በሉ። ሦስቱንም ከመለሱ ፍጥነቱን ትንሽ ጨምሩ፣ መሳሳት ሲጀምሩ አንድ እርከን መልሱ። የድምጹ ትክክለኛ ፍጥነት እሱ ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተዉአቸውና ተመልሳችሁ ጠይቁ። አንድ ደቂቃ ላይ ግሩም የነበረ ድምጽ 30ኛው ደቂቃ ላይ ሊያደክም ይችላል። ከ40 ሰከንድ ማሳያ ይህን ማንም አያውቅም።

ደግሞ መጀመሪያ ነጻውን ሞክሩ። እኔ በኋላ ነው የሰማሁት፤ የማይክሮሶፍት ኤጅ ብሮውዘር መቅደስ እና አመሃ የሚባሉ የአማርኛ ድምጾች አሉት። ገጹን ወይም ፒዲኤፉን ከፍታችሁ Ctrl+Shift+U ስትጫኑ ማንበብ ይጀምራል፣ ድምጹንና ፍጥነቱን Voice options ላይ ትቀይራላችሁ። ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ መስመር ሲቆራረጥ ንባቡም ይቆራረጣል። አባባ አሁን ጋዜጣ በመቅደስ ይሰማሉ፣ ረጋ ባለ ፍጥነት። ውል ሲመጣ ወደ በርሜላቸው ይመለሳሉ።

ብሩን አላስመለስኩም። ጎግል ፕሌይ ላይ ለገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓት ውስጥ መጠየቅ ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አፑ ባለቤት ነው የሚልኳችሁ። የእኔዎቹ አንድ መልስ ሰጥተው ጠፉ። አባባ ቅሬታቸውን የነገሩኝ በስምንተኛው ቀን ነው፣ አስታውሱ። እንደገዛችሁ በዚያው ቀን አስሞክሩ። አፑን ከስልክ ማጥፋት ደግሞ ክፍያውን አያቆምም። ሰብስክሪፕሽን የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ መሰረዝ አለባችሁ። እኔ አጥፍቼው ተገላገልኩ ብዬ ተቀምጬ፣ በዓመቱ ሌላ 80 ዶላር ሊቆርጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው ያየሁት።