መርፌ ፊት፦ ዘና ማለት ወይስ ጡንቻ ማጥበቅ?

ደብረ ማርቆስ ለምርመራ ደም ልሰጥ ስቀመጥ ነርሷ «አይዞሽ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» አለችኝ፤ እኔም ዘና ብዬ ዘና ብዬ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ዝልፍልፍ አልኩላችሁ!

ለካ ፍርሃቱ ይለያያል። ልባችሁ እየደለቀ የምትንቀጠቀጡ ከሆነ፣ ጥርስ ሐኪም ቤትም ይሁን፣ በቀስታ መተንፈስ ይረዳል። ደም ወይም መርፌ ስታዩ ግን ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁና ዓይናችሁ ከጨለመ የደም ግፊታችሁ እየወረደ ነው፣ ዘና ማለት ደግሞ ያባብሰዋል።

ለዚህኛው ጡንቻ ማጥበቅ ይሻላል። እግራችሁን፣ ሆዳችሁንና የማይወጋውን ክንድ ፊታችሁ ሞቅ እስኪል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቁ፣ 20 ሰከንድ ያህል ልቀቁ፣ 5 ጊዜ ደጋግሙት። የሚወጋው ክንድ ግን ይላላ፣ ካልሆነ ያማል። ከዚህ በፊት ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩና ተኝታችሁ ተወጉ። እኔ በሁለተኛው ቀጠሮ እንዲህ አድርጌ በእግሬ ወጣሁ።